ኮሽ ሲል "ማነው?" የምንለው ነገር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ሰው በአምላክ ማመንን ከየት እንዳመጣው የሚያወራ አንድ አጭር ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ መሰለኝ፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ስድስቱን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

"ሰው በአምላክ ማመን የጀመረው ቁጥቋጦ ውስጥ ኮሽ ሲል አውሬ መስሎት ከመደንገጡ ነው ሲሉ ሰማሁ። ቀልድ ነው ወይስ የምር?"

የምር የቀረበ መላምት ነው። ሐሳቡን በ1980 ያነሳው ስቱዋርት ጋትሪ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ነው። ስሌቱ እንደ ውርርድ ነው። ማታ መንገድ ላይ ነህ፣ ከአጥሩ ሥር ኮሽ አለ። ነፋሱን ጅብ ነው ብለህ ብትሮጥ የምትከስረው ትንፋሽህን ነው። ጅቡን ነፋስ ነው ብለህ ብትዘናጋ ግን ሁለተኛ የመሳሳት ዕድል አይኖርህም። ሁለቱ ስህተቶች ዋጋቸው እኩል ስላልሆነ፣ አእምሯችን ወደ ርካሹ ስህተት እንዲያዘነብል ሆኖ ተሠርቷል ነው ክርክሩ።

ጀስቲን ባሬት የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ደግሞ በ2000 ለዚህ ዝንባሌ ስም አወጣለት። እኔ በቀላሉ "አድራጊ ፈላጊው" እለዋለሁ። አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ወይም ድምፅ ሲሰማ "ማን አደረገው?" ብሎ የሚጠይቅ፣ ትንሽ የሚያበዛም የአእምሮ ክፍል ማለት ነው። ወጥተህ ታያለህ፤ ሰውም አውሬም የለም። ስሜቱ ግን አልለቀቀህም። እንግዲህ የማይታይ አድራጊ የሚለው ሐሳብ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው ይላሉ።

ዝንባሌው መኖሩ አያከራክርም። በ1944 ሃይደርና ሲመል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ አጭር ፊልም ሠሩ። ፊልሙ ላይ ያሉት ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ አንዲት ክብና በር ያለው አራት ማዕዘን ብቻ ናቸው። ለ34 ሰዎች አሳይተው "ያያችሁትን ጻፉ" አሏቸው። ነገሩን በጂኦሜትሪ ቋንቋ ብቻ የገለጸው አንድ ሰው ነበር። ሌሎቹ ጠብ፣ ማሳደድ፣ መደበቅ እያሉ ነው የጻፉት።

እኔም ብሆን አልቀርለትም። አንድ ሌሊት የተከራየሁት ክፍል በር ላይ የሆነ ነገር ይፍጨረጨራል። "ማነው?" አልኩ፣ ያውም ድምፄን አወፍሬ። መልስ የለም። ወጥቼ ሳይ አጥሩ ላይ የተሰካ ፌስታል ነው። ሐፍረቴን ያየው ግን ውሻው ብቻ ነው።

"እሺ፣ በሙከራ ተረጋግጧል ወይ?"

ቪዲዮው የዘለለው ይህን ነው። ሐሳቡ ለብዙ ዓመት ሲጠቀስ የኖረው ደስ ስለሚል እንጂ በደንብ ስለተፈተነ አልነበረም።

መላምቱ ልክ ከሆነ አንድ ነገር መታየት አለበት፦ ሰው ሲፈራ የሌለ አድራጊ ማየት ይበዛበታል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ሚሂል ቫን ኤልክና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሞከሩ። ሰዎቹን ያስፈራሩና ለምሳሌ በተዘበራረቁ ነጥቦች መሃል የሚራመድ ሰው ይታያቸው እንደሆነ ይጠይቋቸዋል። በነጥቦቹ ውስጥ ሰው ኖሮ ካዩ ልክ ናቸው፤ ሳይኖር "አለ" ካሉ የውሸት ማንቂያው ጮኸ ማለት ነው። አንዳንዱ ሙከራ በዓይን፣ አንዳንዱ በጆሮ ነበር። ስድስት ሙከራ ሠርተው በ2019 ባወጡት ጽሑፍ፣ ማስፈራራቱ የውሸት ማንቂያውን እንዳልጨመረው ተናገሩ። ጅቡና ነፋሱ የሚሉት ተረት የቆመው በዚህ ምሰሶ ላይ ነበር።

በዚያው ዓመት ዴንማርክ ውስጥ ማርክ አንደርሰንና ጓደኞቹ ሌላ መንገድ መረጡ። ሰዎችን በቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር በኮምፒውተር የተሠራ ጫካ ውስጥ አስገቧቸው። ጫካው ውስጥ ማንም የለም። ለአንዳንዶቹ ግን "ሌላ ፍጡር የመገናኘታችሁ ዕድል ከፍተኛ ነው" ብለው ነገሯቸው፣ ለሌሎቹ ዝቅተኛ ነው። ቁልፍ እየተጫኑ "አለ፣ አየሁት" ያሉት በብዛት እንዲጠብቁ የተነገራቸው ናቸው።

እዚህ ላይ የኛው ተረት ትዝ አለኝ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ልብ በሉ፣ ተረቱ ማንም ሰው በልጥ ይበረግጋል አይልም። እባብ ያየ ነው የሚለው። የጋትሪ ውርርድ እባብ ያላየውንም ያስበረግጋል፤ የዴንማርኮቹ ጫካ ግን ለተረቱ ያደላል። አስቀድሞ የጠበቀ ያያል። ጥያቄው ታዲያ ይገለበጣል፦ መጠበቁን ከየት አመጣነው? ምናልባት መንፈስ አለ ብለን ስላደግን ነው ኮሽታው መንፈስ የሚመስለን። ያኔ እምነቱ የኮሽታው ልጅ መሆኑ ይቀርና አባቱ ይሆናል።

"የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ 'ማን አጠፋው?' ትላለች። ልጆች ሲፈጠሩ አማኝ ናቸው ማለት ነው?"

እንዲህ የሚል መጽሐፍ የጻፉ አሉ። እኔ ግን ልጅሽን በደንብ የምትገልጻት አንዲት ሙከራ አለች።

ጄሲ ቤሪንግና ቤኪ ፓርከር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያወጧት ናት። ሁለት ሣጥን አለ፣ ኳስ ያለው በአንዱ ውስጥ ነው፣ ልጁ ያለበትን ይገምታል። ከመጀመሩ በፊት ለአንዳንዶቹ ልጆች "ልዕልት አሊስ የማትታይ ናት፣ የተሳሳተ ሣጥን ከመረጥክ ትነግርሃለች" ይባላሉ። ልጁ እጁን አንዱ ሣጥን ላይ ሲያሳርፍ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወይም በሩ ላይ ያለው የልዕልቷ ሥዕል ይወድቃል። ከበስተጀርባ ተመራማሪዎቹ ናቸው።

የሦስትና የአራት ዓመቶቹ ሥዕሉ በደንብ ስላልተለጠፈ ወደቀ ዓይነት ነገር ይላሉ። አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው አሊስ አደረገችው ይላሉ፣ ለምን ግን አያውቁም፤ ደስ ስላላት ሊሆን ይችላል። እጃቸውን ወደ ሌላው ሣጥን ያዛወሩት፣ "ለኔ ነው የምትነግረኝ" ያሉት ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ናቸው።

የልጅሽ "ማን አጠፋው?" መካከለኛው ደረጃ ላይ ነው። አድራጊ ትፈልጋለች፤ መብራት መጥፋትን እንደ መልእክት ማንበብ ግን ገና ነው። ምልክት ማንበብ ሌላው ስለ እኔ ሐሳብ ምን እንደሚያስብ ማሰብን ይጠይቃል፤ "እሷ እኔ እንዳውቅ ትፈልጋለች" ማለት ነውና። በዕድሜ የሚመጣ ነገር ነው። በዚያ ላይ ስለ አሊስ ቀድሞ የነገራቸው ትልቅ ሰው መሆኑን አትርሺ። (የኔ ልጅ ብትሆን መብራት ኃይል ነው እላት ነበር።)

"ሌሊት ነቅቼ መንቀሳቀስ ሲያቅተኝ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ይሰማኛል። እሱም ከዚህ ይገባል?"

ዱካክ ነው፣ ወንድሜ። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎችን ያስራል፤ ባያስር ሕልማችንን እየሠራን ከአልጋ እንወድቅ ነበር። አንዳንዴ አእምሮ ይነቃና እስሩ ሳይፈታ ይቀራል። ብዙ ሰው ያኔ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ያለ ይመስለዋል። ስሜቱ እጅግ ጠንካራ ነው፣ ከፌስታሉ ጋር አይወዳደርም። እየደጋገመ እንቅልፍ የሚነሳህ ከሆነ ለሐኪም ንገረው።

ለርዕሳችን የሚጠቅመው ግን ስሙ ነው። ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ አሮጊት ጠንቋይ ናት ይላሉ። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፣ በብረት የመታሰር ዓይነት ትርጉም አለው። አካሉ ላይ የሚሆነው አንድ ነው፤ መጣ የሚባለው ግን እንደ አገሩ ነው። አድራጊ ፈላጊው "አንድ ሰው አለ" እስከማለት ድረስ ሊወስድህ ይችላል። ማን እንደሆነ የሚነግርህ ጎረቤትህ ነው።

"ሐሳቡ ልክ ቢሆን ኖሮ ለምን በጥንት ግሪኮቹ አምላክ በዜውስ አናምንም? እሱም እኮ የማይታይ አድራጊ ነው።"

ጥሩ ቦታ መታህ። ዊል ጀርቬይስና ጆሴፍ ሄንሪክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 "የዜውስ ችግር" ብለው ጽፈውበታል። ስለ ዜውስ የሚነገረው ታሪክ ዛሬም ያው ነው፤ አይረሳም፣ ልጆችም ይወዱታል። ያኔ አቴና ውስጥ በግ ይታረድለት ነበር፣ ዛሬ የሚሰግድለት የለም ማለት ይቻላል። የሰው አእምሮ በመሃሉ አልተለወጠም። ስለዚህ መልሱ አእምሮ ውስጥ ብቻ ሊሆን አይችልም።

የሄንሪክ መልስ ተግባር ነው። ልጅ የሚያምነው የተነገረውን ሳይሆን ተናጋሪው ዋጋ ሲከፍልበት ያየውን ነው። እናት ስለ ዜውስ ብታወራለት ተረት ነው። እናቱ ግን በሁዳዴ ሌሊት ተነስታ ነጠላዋን ስታጣፋ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ወጥ ስትሠራና ጨው እንኳን ሳትቀምስ በማሽተት ስትለካ ያያታል። ጎረቤት ያለው ልጅ ደግሞ አባቱ በረመዳን በጠራራ ፀሐይ ውሃ ሳይጠጣ ድንጋይ ሲሸከም ያያል። ለማያምኑበት ነገር እንዲህ የሚሆን የለም፤ ልጁ ይህን ሳይነገረው ያሰላዋል።

ጀርቬይስና ባልደረቦቹ በ2021 አሜሪካ ውስጥ ባወጡት ጥናት፣ አንድ ሰው አማኝ ይሁን አይሁን ከሁሉ በላይ የጠቆመው በልጅነቱ እንዲህ ያለ ተግባር ማየት አለማየቱ ነው። ከዚያ በፊት በ2013 አያና ዊላርድና አራ ኖሬንዛያን አንድ የሚገርም ነገር አግኝተው ነበር። ግዑዝ ነገርን እንደ ሰው የማየት ልማድ ያላቸው ሰዎች በመናፍስትና በመሳሰለው የማመን ዝንባሌ ነበራቸው፤ በእግዚአብሔር ከማመን ጋር ግን አልተያያዘም። ፌስታሉን ሰው ያደረግኩት እኔ ከሌላው የበለጠ አማኝ ነኝ ማለት አይደለም።

"በአጭሩ፣ ይህ ሳይንስ ፈጣሪ የለም እያለ ነው?"

አይደለም። ፈጣሪ አለ ብሎም አይልም። ለአድራጊ ፈላጊው ስም ያወጣለት ባሬት ራሱ አማኝ ክርስቲያን ነው፤ ፈጣሪ እንዲታመንበት አድርጎ ሰውን ቢሠራ ምን ይገርማል ባይ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው መረጃ ተነስተው ተቃራኒውን ይደመድማሉ። አንድ ሰው ስድስት ሲደመር ሰባት አሥራ ሦስት መሆኑን ከመምህሩ ቁንጥጫ የተነሳ ቢያምን፣ ቁንጥጫው ድምሩን አያፈርሰውም። አያረጋግጠውም።

ግን አንድ ነገር ያስከፍላል። "ክፍሌ ውስጥ የሆነ ኃይል ተሰማኝ፣ ስለዚህ አለ" የሚል ሰው ከጫካው ሙከራ በኋላ ትንሽ መቸገሩ አይቀርም፤ ባዶ ጫካ ውስጥ የተሰማቸውም ልክ እንደሱ ተሰምቷቸዋልና። አብዛኛው አማኝ ደግሞ እምነቱን በዚህ ላይ አላቆመም። አያቴን "ለምን ታምኛለሽ?" ብላት ስለ ኮሽታ አታወራም ነበር። "እናቴ ስትጸልይ አይቼ" ነበር የምትለው።