ያቺ «ነገር ግን» ከየት መጣች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የአንትሮፖሎጂ አስተማሪያችን የሙርሲ ሴቶችን የከንፈር ሸክላ በፎቶ አሳየንና «ውበት የሚባል ነገር በራሱ የለም፣ ባህል የፈጠረው ነው» አለን። እኔ ጠቆር ያልኩ ነኝ። ቤት ውስጥ ሳይቀር «ትንሽ ቀላ ብትይ ኖሮ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። የሚያቀላ ክሬም መቀባት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ውበት ባህል ብቻ ከሆነ፣ ባህሉ የሚወደውን ብመስል ምን አለበት? እግዚአብሔር ያስቀመጠው ውበት ካለ ደግሞ እኔ የቱ ጋ ነኝ? (ወለተ ማርያም)

መልስ፦ ወለተ ማርያም ልጄ፣ አስተማሪሽ ያሳየሽ ነገር እውነት ነው። መደምደሚያው ግን ካሳየሽ ነገር አይወጣም። ይህን ስህተት በየጉባኤው ስንት ጊዜ እንዳገኘሁት! ሰዎች ስለ ውበት እንደማይስማሙ እናያለን፤ ከዚያ ዘለን «እንግዲያው የለም» እንላለን። ሁለት ሰው ስለ አንድ ተራራ ቁመት ቢከራከር ግን ተራራው አይጠፋም።

ከሙርሲ ልጀምር። «ባሪያ ፈንጋዮች እንዳይወስዷቸው ራሳቸውን ለማስጠላት የጀመሩት ነው» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎችን ያጠናው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ይህን ወሬ አይቀበለውም። እሱ እንደገለጸው፣ ልጅቷ 15 ወይም 16 ዓመት ሲሞላት እናቷ ወይም ሌላ የሰፈር ሴት የታች ከንፈሯን ትቆርጣለች። ቁስሉ እስኪድን እንጨት ይሰካበታል። ከዚያ ምን ያህል ይለጠጥ የሚለውን የምትወስነው በአብዛኛው ልጅቷ ራሷ ናት። ያገባች ሴት ሸክላውን የምታደርገው ለባሏ ምግብ ስታቀርብና በትልልቅ ሥርዓቶች ላይ ነው። ነገሩ ከክብር፣ ከጽናት፣ ለአካለ መጠን ከመድረስ ጋር የተያያዘ ነው።

እንግዲህ ሸክላው የባህል ነው፤ በዚህ አልከራከርም። እኛም ብንሆን ከዚህ የራቅን አይደለንም። አያቴ ድዷን ተነቅሳ ነበር። በመርፌ እየተወጋች፣ ጥላሸት እየተቀባች። ስትስቅ ጥርሷ ከዚያ ጥቁር ድድ ላይ እንደ ወተት ያበራ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቿ ፎቶዋን አይተው «ምን ሆና ነው?» ይላሉ። ነገር ግን ሙርሲዋም፣ አያቴም «እንዲያው ባህላችን ስለሆነ ያምራል» አላሉም። «ያምራል» ነው ያሉት። አንትሮፖሎጂ ዓይን በምን እንደሚሠለጥን ይነግርሻል። የሠለጠነው ዓይን የሚያየው ነገር አለ ወይስ የለም የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ በፎቶ አይፈታም።

አሁን ወደ ፈላስፎቹ። «ውበት በተመልካቹ ልብ ውስጥ እንጂ በነገሩ ውስጥ አይደለም» የሚሉ ሰዎች ስኮትላንዳዊውን ዴቪድ ሂዩምን ይጠራሉ። በ1757 (እ.ኤ.አ.) ስለ ጣዕም መለኪያ ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ አባባሉ አለ። ብዙዎች ግን እዚያው ላይ ያቆማሉ። ሂዩም ይህን ያነሳው የሰዎች አስተያየት አድርጎ ነው፤ ከዚያ ዞሮ ይሞግተዋል። ለዚህም ዶን ኪሾት ከተባለው የስፔን ልብ ወለድ አንድ ታሪክ ይወስዳል። ሁለት ሰዎች ከበርሜል ወይን እንዲቀምሱ ተጠየቁ። አንዱ «ጥሩ ነው፣ ግን ቆዳ ቆዳ ይላል» አለ። ሌላው «ጥሩ ነው፣ ግን ብረት ብረት ይላል» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። በርሜሉ ተሟጦ ሲያልቅ ግን ከታች የቆዳ ማሰሪያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ።

ልብ በይ፣ ጣዕሙ የተሰማው በምላሳቸው ነው። ቁልፉ ግን በርሜሉ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ሂዩም ጥሩ ፈራጅ ይለማመዳል፣ ያወዳድራል፣ ከጭፍን ጥላቻም ይጸዳል ይላል። የሚገርመው፣ ይኸው ሰው በሌላ ጽሑፉ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ጥቁሮች በተፈጥሯቸው ከነጮች ያንሳሉ ብሎ እንደሚጠረጥር ጽፏል። መለኪያውን አስተማረን፤ እሱ ራሱ በመለኪያው ወደቀ።

ይህ ወደ አንቺ ያመጣኛል። መኃልየ መኃልይ 1፥5ን ታውቂዋለሽ፦ «ጥቁር ነኝ፥ ነገር ግን ውብ ነኝ»። «ነገር ግን» የሚለው የት እንዳለ እስቲ እንፈልግ። በዕብራይስጡ ያለው አንድ ፊደል ነው፤ የእኛ ግዕዝ «ወ» እንደሚለው ያለ። «እና» ማለት ነው፤ እንደ አገባቡ «ግን»ም ሊሆን ይችላል። የግሪኩ ትርጉም «እና» ብሎ አነበበው፦ ጥቁር ነኝ፣ ውብም ነኝ። የላቲኑ «ግን»ን መረጠ። እንግዲህ ፊደሏ ሁለቱንም ትፈቅዳለች፤ መምረጥ የአንባቢው ነው። ጥቁረት ለውበት እንቅፋት ነው ብሎ አስቀድሞ ያመነ ሰው ዓይኑ ቶሎ «ግን» ላይ ያርፋል።

ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ነገሩን ያብራራዋል። ልጅቷ የጠቆረችው ፀሐይ ስላከሰላት ነው። ወንድሞቿ የወይን ቦታ ጠባቂ አድርገዋታል። እነዚያ የኢየሩሳሌም ቆነጃጅት የሚያዩዋት ጥላ ሥር ከተቀመጡበት ነው። የእነሱ ሚዛን ቀለም ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን ማን ይሠራል፣ ማን ይቀመጣል የሚለው ነው። እንደዚህ ዓይነቱ ሚዛን በእርግጥ ባህል ነው። ሆኖም መጽሐፉ ውበት የለም አላለም። እሷም «እንደ ሰሎሞን መጋረጆች» ብላ ተናገረች።

ጥያቄሽ ግን ከዚህም በላይ ይሄዳል። ማንም ሰው ካልተመለከተ ውበት አለ? ዘፍጥረት 1፥4ን አስቢ። እግዚአብሔር ብርሃኑን «መልካም እንደ ሆነ አየ»። ግዕዙ የሚለው «ሠናይ» ነው፤ ሠናይ ያማረም፣ የተስማማም፣ ደግም ነው። ያን ቀን ሰው አልነበረም። ባህል አልነበረም። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ሲሰብክ አንድ ምሳሌ ይሰጣል። የሐውልት እጅ ወይም ዓይን ለብቻው ወድቆ ብታዪው ለማንም አያምርም። ቦታው ላይ ሲገባ ግን ያልተማረ ሰው እንኳ ውበቱን ያያል። ሠሪው ግን የእያንዳንዱን ክፍል ውበት ገና ሳይገጣጠም ያውቃል፤ ለምን እንደሠራው ያውቃልና። አንቺን የሚመዝኑ ሰዎች ያዩት መሬት ላይ የወደቀውን ቁራጭ ነው።

አንዳንዶች እዚህ ላይ «እግዚአብሔር ልብን ያያል» የሚለውን ጠቅሰው መልክን ሙሉ በሙሉ ይጥላሉ። ይህን አልወደውም። ያው ምዕራፍ (1ኛ ሳሙኤል 16) ጥቂት ዝቅ ብሎ ዳዊትን «መልኩም ያማረ ነበረ» ይለዋል። መልክሽን ንቀሽ እንድትኖሪ አልነግርሽም። ቅባትሽን ተቀቢ፣ ፀጉርሽን ተሠሪ።

ክሬሙን ግን ተዪው። ይህን በትእዛዝ ነው የምልሽ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ መድኃኒት አለባቸው፤ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ኩላሊት ድረስ የሚጎዱም አሉ። ሁለት ወር ስለተቀባሽ ዕቃውን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ አንዳንዱ በአንድ ጊዜ ሲቆም ቆዳን ያስቆጣልና እንዴት እንደምታቆሚው እሱ ይንገርሽ። እናትሽን ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሻት ነይ። «ቀላ ብትይ ኖሮ» የሚለውን ነገር ከእሷ ጋር እኔ እነጋገርበታለሁ።