ከረንት ሬሾው 2 ሆኖ ደመወዝ ለምን ይዘገያል?

«ጋሼ፣ የአክስቴ ልጅ ሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ የሚያስመጣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አለው። 3 ሚሊዮን ብር አስገባና ባለድርሻ ሁን አለኝ። ኦዲት የተደረገ የ2017 ሂሳቡን ልኮልኛል። ቴሌግራም ላይ ባገኘሁት ኤክሴል ስሠራው ከረንት ሬሾው 2 መጣ፣ ‹በጣም ጥሩ› ይላል። ትርፉም ከአምናው ጨምሯል። ሠራተኞቹ ግን ደመወዝ ሁለት ወር እየዘገየባቸው ነው። የቱን ልመን?»

ደመወዙን እመን። ብር ያለው ድርጅት ሠራተኛ አያስጠብቅም።

ሬሾው ጥሩ፣ ትርፉ ጥሩ፣ ደመወዝ ግን የለም። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሁልጊዜ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ ትርፉ ወይ መጋዘን ገብቷል፣ ወይ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነው። ወረቀቱን ከመግለጤ በፊት የገመትኩት ይህንን ነበር። ስገልጠው ሁለቱንም አገኘሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበልህ። ኖቶቹን ሳታነብ ምንም ነገር ላይ አትፈርም። መጀመሪያ የላክልኝ ባላንስ ሺቱንና ትርፍና ኪሳራውን፣ ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። ከኋላ ያሉትን የማብራሪያ ገጾች ለምኜ ነው ያስላክሁህ። የደመወዙ ምክንያት የተጻፈው እዚያ ነው።

አሁን ካልኩሌተርህን አምጣ። ቁጥሮቹን በሚሊዮን ብር ነው የምጠራልህ።

ሰኔ 30 ቀን 2017 ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ብር ይለወጣል የተባለው ሀብት 24 ነው። ጥሬ ገንዘብና ባንክ 1.2፣ ተሰብሳቢ 9.8፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ 13። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈል ዕዳ ደግሞ 12 ተብሏል። 24 ለ12 ሲካፈል 2። ኤክሴሉ ማካፈሉን አልተሳሳተም። የተሰጠውን ነው ያካፈለው። እነዚህ በየቴሌግራሙ የሚዞሩ ነጻ ኤክሴሎች የሚያናድዱኝ ለዚህ ነው። የሚያካፍሉት ቁጥር ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቁም፣ ብቻ አረንጓዴ ቀለም ቀብተው «በጣም ጥሩ» ይላሉ።

የተሰብሳቢውን ኖት ክፈት። 9.8 ካለው ውስጥ ከደንበኞች የሚሰበሰበው 5.6 ብቻ ነው። የቀረው 4.2 «ከባለአክሲዮን የሚሰበሰብ» ይላል። ባለአክሲዮኑ የአክስትህ ልጅ ነው። አጠገቡ ያለውን የ2016 ዓምድ እይ፣ 2.6 ነበር። አልተመለሰም፣ እንዲያውም በዓመት ውስጥ 1.6 ተጨመረበት። እንዲህ ዓይነቱ ነገር የሚፈጠረው ግብር ሲደርስ ብቻ ብቅ በሚል የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ባለቤቱ ለቤት፣ ለመኪና፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ያወጣውን ሁሉ የሚያደርግበት ሲያጣ ተሰብሳቢ ውስጥ ይከተዋል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቢስተካከል ቀላል ነበር። አራተኛው ዓመት ላይ ግን ማንም አይነካውም። ስለዚህ 4.2ን አውጣው። ከ24 ላይ 19.8 ይቀርሃል።

ቀጥለህ የባንክ ብድሩን ኖት ክፈት። ባላንስ ሺቱ 9 ሚሊዮኑን በሙሉ የረጅም ጊዜ ዕዳ ብሎ አስቀምጦታል። የመክፈያ ሰንጠረዡ ግን 3 ሚሊዮኑ በሚቀጥሉት 12 ወራት እንደሚከፈል ይናገራል። ይህ የአጭር ጊዜ ዕዳ መሆን ነበረበት። ኦዲተሩ እንዴት እንዳለፈው አላውቅም፣ ግን ማለፍ አልነበረበትም። ወደ ቦታው መልሰው፣ 12ቱ 15 ይሆናል።

19.8 ለ15፣ 1.32። ዕቃውንም ተወውና በእጅ ያለውንና ከደንበኛ የሚመጣውን ብቻ ያዝ፦ 1.2 እና 5.6፣ ድምሩ 6.8። ለ15 ስታካፍለው 0.45 ይመጣል። ክዊክ ሬሾ የሚባለው ይኸው ነው። በዓመቱ ውስጥ ለሚከፈል ለእያንዳንዱ 1 ብር ዕዳ፣ ሴራሚክ ሳይሸጥ ያለው 45 ሳንቲም ነው። ደመወዝ በሴራሚክ አይከፈልም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለ ከረንት ሬሾ ማንም የማይናገረው ነገር አለ። ባላንስ ሺት የአንድ ሌሊት ፎቶ ነው፣ የሰኔ 30 ሌሊት። ትርፍና ኪሳራው የዓመቱን ሁሉ ይዟል፣ ባላንስ ሺቱ ግን የዚያችን ሌሊት ብቻ። ፎቶ የሚነሳ ሰው ደግሞ ፀጉሩን ያበጥራል። እንዴት እንደሚበጠር በቁጥር ላሳይህ። አንድ ድርጅት ሰኔ 25 ላይ የአጭር ጊዜ ሀብቱ 30፣ ዕዳው 18 ነው እንበል። ሬሾው 1.67 ነው። ሰኔ 28 ላይ ከባንክ 6 ሚሊዮን አውጥቶ ለአቅራቢዎች ከፈለ። ከሀብቱም 6 ወረደ፣ ከዕዳውም 6 ወረደ። 24 ለ12፣ ሬሾው 2 ሆነ። አንድ ሳንቲም አልተተረፈም፣ አንድ ካርቶን አልተሸጠም፣ ድርጅቱ ግን በወረቀት ላይ «ተሻለው»። ሀብቱ ከዕዳው በሚበልጥበት ጊዜ ከሁለቱም እኩል ስትቀንስ ሬሾው ሁልጊዜ ይወጣል። ሀብቱ ከዕዳው ሲያንስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ 10 ለ20 ግማሽ ነው፣ 5 ከፍለህ 5 ለ15 ስታደርገው አንድ ሦስተኛ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ደህና የሚመስለው ይበልጥ ደህና ይመስላል፣ የታመመው ይበልጥ የታመመ ይመስላል፣ ሁለቱም ግን ያው ዕዳቸውን ነው የከፈሉት። አንድ ጊዜ የአንድ ድርጅት የባንክ ስቴትመንት እጄ ገባ። ሰኔ 29 ቀን ኦቨርድራፍቱ፣ ማለትም ከሂሳቡ በላይ ያወጣው የባንክ ብድር፣ ተከፍሎ ዜሮ ሆኗል። ሐምሌ 3 ቀን ያው ገንዘብ፣ እስከ ሳንቲሙ ድረስ፣ ተመልሶ ወጥቷል። ሥራ አስኪያጁን ስጠይቀው አልደበቀኝም፣ «ለባላንስ ሺቱ ብለን ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሰኔና የሐምሌን ስቴትመንት ጎን ለጎን ሳላይ ከረንት ሬሾ አላምንም። አንተም ከአክስትህ ልጅ ጠይቅ። መስጠት አለመስጠት መብቱ ነው፣ ካልሰጠህ ግን እሱም መልስ ነው።

ወደ ዕዳ ክብደቱ እንሂድ፣ ይህ አጭር ነው። ጠቅላላ ዕዳው 12 እና 9፣ 21 ነው። የባለቤቶች ድርሻ 11 ተብሏል። 21 ለ11፣ 1.9። ግን 11ዱ ውስጥ ያ የማይመለስ 4.2 አለበት። ስታወጣው ድርሻው 6.8 ይሆናል፣ ሬሾውም 3.1 ይደርሳል። ባለቤቱ በድርጅቱ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ 1 ብር፣ ሌላ ሰው 3 ብር ከ10 አስገብቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ሲያበድሩት ባንኮች የባለድርሻዎችን የግል ዋስትና ይጠይቃሉ። ባለድርሻ ስትሆን ያ ወረቀት አንተም ፊት ሊመጣ ይችላል። የዋስትናውን ኖት ሳታነብ አትፈርም ያልኩህ ለዚህ ጭምር ነው።

የቀረው ትርፉ ነው፣ የጠረጠርኩት ዋናው ቦታም ይኸው ነው።

ሽያጭ 48፣ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 33.6። ጠቅላላ ትርፍ 14.4፣ ከሽያጩ 30 በመቶ። በ2016 ስንት ነበር? 36 ሸጦ 7.92፣ ማለትም 22 በመቶ። ሴራሚክ ነጋዴ በአንድ ዓመት 8 ነጥብ ህዳግ አይጨምርም፣ ፉክክሩ አይፈቅድለትም። ምን መጣ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአክስትህ ልጅ ሰኔ 30 ቀን 2016 ላይ በአሮጌው የባንክ ተመን ኤልሲ ከፍቶ ያስገባው የ8 ሚሊዮን ብር ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበረው። ዓመቱ ሲጀምር ያንን በአዲሱ ዋጋ ሸጠ። ትርፉ እውነተኛ ነው፣ ግብርም ይከፈልበታል። ነገር ግን ያ ዕቃ አንዴ ካለቀ አለቀ። የሚተካው በአዲሱ ዶላር ነው የሚገዛው። የዕቃውን ኖት እይ፣ ከ8 ወደ 13 ወጥቷል። ያንኑ መደርደሪያ ለመሙላት 5 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ተከተተበት። ደመወዙ የሄደው ወደዚያ ነው። (ዶላሩን ቀድሞም ከውጭ ገበያ እየገዛ ያስገባ ነጋዴ ይህን ያህል አላገኘም። ስለዚህ ይህን ለሁሉም አስመጪ እንዳታደርገው።)

አሁን የሚቀጥለውን ዓመት ገምት። ሽያጩ 48 ላይ ይቁም፣ ህዳጉ ወደ 22 በመቶ ይመለስ። 10.56 ይሆናል። የሥራ ማስኬጃ ወጪው 9.6 ነው፣ ኪራይና ደመወዝ ስለሆነ አይወርድም። የሚተርፈው 0.96 ነው። የባንክ ወለዱ ግን 2.4። ኪሳራ ነው። ዘንድሮ ከወለድ በፊት 4.8 አግኝቶ ወለዱን ሁለት ጊዜ መሸፈን ችሎ ነበር። ከርሞ ግማሹንም አይሸፍንም። ኤክሴሉ ያሳየህ ከወለድና ከግብር በኋላ የተጣራ ትርፍ 1.68፣ ከሽያጩ 3.5 በመቶ፣ ያለፈው ዓመት ስጦታ ነው።

አንድ የመጨረሻ ሂሳብ። የተጣራ ትርፉ 1.68 ላይ ብር ሳይወጣበት የተቀነሰውን የዕርጅና ተቀናሽ 0.9 መልስበት። 2.58 ይሆናል። በሚቀጥሉት 12 ወራት ለባንክ የሚመለሰው ዋና ብድር 3 ነው። በዘንድሮው ጥሩ ትርፍ እንኳን አይበቃም። ከአንተ የተጠየቀው ስንት ነው? 3 ሚሊዮን።

ስለዚህ ለአክስትህ ልጅ ይህን በለው፦ መጀመሪያ 4.2ቱን ይመልስ፣ ወይም ከድርሻው ይቀነስበትና ሂሳቡ እንደገና ይሠራ። የሰኔንና የሐምሌን የባንክ ስቴትመንት ይስጥህ። የ2017ን የየወሩ ሽያጭና የዕቃ መግዣ አስመጣና ህዳጉን በየወሩ አውጣው። ከጥቅምት በኋላ 22 አካባቢ ከወረደ ግምቴ ልክ ነው፣ 27 ወይም 28 ላይ ከቆየ ተሳስቻለሁና እንደገና እንሠራዋለን። እስከዚያ ድረስ ኖቶቹን፣ በተለይ የብድሩንና የዋስትናውን፣ ሳታነብ አትፈርም። ቤተሰብ ስለሆነ ወረቀት መጠየቅ ካሳፈረህ ወረቀቶቹን ወደ እኔ ላካቸው፣ እኔ እጠይቀዋለሁ።