መኪናው ከተሸጠ በኋላ ለመጣ የካሜራ ቅጣት አቤቱታው ላይ ምን ይጻፋል?

«ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬን ሸጬ ካስረከብኩ በኋላ በፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ የተያዘ ቅጣት በስሜ መጣብኝ። ሊብሬው ገና አልዞረም፣ ገዢው ውክልና አለው። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አቤቱታው እንዴት ነው የሚጻፈው? የደረሰበት ካለ ቢያካፍለኝ።»

እህቴ፣ እኔም ላይ ደርሷል። ቪትዝ ነበረችኝ፤ እዚሁ ባሕር ዳር ለአንድ ነጋዴ ሸጥኳት፣ እሱ ወደ ሌላ ከተማ ይዟት ሄደ፣ ቅጣቱ ግን የመጣው ለእኔ ነው። ካሜራው የሚያነበው ሰሌዳውን ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ የሚያመጣው ፋይሉ ላይ ያለውን ስም ነው። ስለዚህ ከካሜራው ጋር ክርክር አትግጠሚ። «መኪናው ያን ያህል አይፈጥንም»፣ «ካሜራው ተሳስቶ ይሆናል» የሚል ነገር ደብዳቤው ውስጥ ከገባ መኪናው ውስጥ እንደነበርሽ ያስመስልብሻል። የአንቺ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ በዚያ ቀንና ሰዓት መኪናው በእጅሽ አልነበረም።

ከመጻፍሽ በፊት ፎቶውን ጠይቀሽ እዪ። ያው ቁጥር በሌላ ኮድ ወይም በሌላ ክልል ሰሌዳ ላይም ሊኖር ስለሚችል ኮዱን፣ «አማ» የሚለውንና የመኪናውን ቀለም አመሳክሪ። መኪናው የአንቺ ካልነበረ አቤቱታው ሌላ ነው፣ ሽያጩን ማንሳትም አያስፈልግም።

ዋናው ነገር ቀኑ ነው፣ እዚህ ላይ ተረጋግተሽ ሥሪ። ውላችን የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የካሜራ ፎቶ ላይ የሚታተመው ግን ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ነው። የእኔን ልንገርሽ። ውሌ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ይላል። ፎቶው ላይ ደግሞ 02/11/2024 14:20 ተጽፎ ነበር። ቀኑን አስቀድመሽ ካነበብሽው ኖቬምበር 2 ነው፣ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 2017፤ ማለት ከሽያጩ በኋላ። ወሩን አስቀድመሽ ካነበብሽው ግን ፌብሩዋሪ 11 ይሆናል፣ በእኛ የካቲት 3 ቀን 2016፤ ያኔ መኪናዋ የእኔው ነበረች። አንድ መስመር ቁጥር ነጻ ሊያወጣሽም ሊያስከፍልሽም ይችላል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እዚያው ወረቀት ላይ ከ12 የበለጠ ቁጥር ያለበት ሌላ ቀን ፈልጊ፣ ለምሳሌ ወረቀቱ የወጣበትን። 25/11/2024 የሚል ካለ ወር 25 ስለሌለ ቀኑ እየቀደመ ነው የተጻፈው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ 14:20 ማለት ከቀኑ 8፡20 ነው። ሽያጩና ጥፋቱ በአንድ ቀን ላይ ከዋሉ ደግሞ የሚፈርደው ርክክቡ ላይ የተጻፈው ሰዓት ብቻ ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የእኔ ይህን ይመስል ነበር፦

«ጉዳዩ፦ ከሽያጭ በኋላ ለተፈጸመ ጥፋት በስሜ የተመዘገበው ቅጣት እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

የሰሌዳ ቁጥሩ … የሆነውን ተሽከርካሪ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተረጋገጠ የሽያጭ ውል ለአቶ … ሸጬ በዚያው ዕለት ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ላይ ከነቁልፉ አስረክቤያለሁ። በክስ ቁጥር … የተጠቀሰው ጥፋት የተፈጸመው ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2024፣ ከቀኑ 8፡20 ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ተሽከርካሪው በእጄ አልነበረም፣ የነዳሁትም እኔ አይደለሁም። ለገዢው የሰጠሁት ውክልና ስሙን እንዲያዛውርበት ነው። ስለሆነም ቅጣቱና ከእሱ ጋር የተያያዘው የጥፋት ሪከርድ ከስሜ ተነስቶ በወቅቱ ተሽከርካሪውን ይዞ የነበረው ሰው እንዲጠየቅበት በአክብሮት አመለክታለሁ።»

ሪከርዱን ለብቻው መጥቀሱን አትርሺ። ገንዘቡ ተነስቶ ጥፋቱ መንጃ ፈቃድሽ ላይ እንዳይቀር ነው።

ውክልናውን በተመለከተ ተጠንቀቂ። ብዙ ሰው ገዢው በውክልና እንደሚነዳ ለማሳየት እሱን ብቻ አያይዞ ይሄዳል። ውክልና ግን የሚለው «ይህ ሰው በእኔ ስም ይሥራልኝ» ነው፤ ሰነዱን ብቻ ያየ ሰው መኪናው አሁንም የአንቺ ነው፣ የነዳውም ወኪልሽ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚቀመጠው የሽያጭ ውሉ ነው፣ ውክልናው ከኋላ ይምጣ። ደብዳቤው ላይ ስለ ውክልናው የምትጽፊውም ሰነዱ ከሚለው ጋር ይግጠም። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል ከሆነ «ስም ለማዛወር ብቻ» ብለሽ አትጻፊ፤ አንብበው ይይዙሻል።

ውልሽ ውልና ማስረጃ ቀርቦ የተረጋገጠ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ችግር የሚመጣው ቀድሞ የመንደር ውል ተፈርሞ መኪናው ተሰጥቶ፣ ማረጋገጫው ሳምንታት ቆይቶ ሲሠራና ጥፋቱ በመሃል ሲወድቅ ነው። ያኔ የማኅተሙ ቀን ከጥፋቱ በኋላ ስለሚሆን «ቅጣቱ ሲመጣባችሁ የተጻፈ ውል ነው» ይሉሻል። ይህን የሚያፈርሰው የባንክ ደረሰኝ ነው፤ ገዢው ብሩን ያስገባበት ቀን በባንኩ ስለተመዘገበ ማንም ወደ ኋላ ሊጽፈው አይችልም። የእማኞች ፊርማ ያለበት የርክክብ ወረቀት ካለም አብሮ ይያያዝ። የገዢው መታወቂያና መንጃ ፈቃድ ኮፒ ደግሞ ቅጣቱን ወደ ማን እንደሚያዞሩት ያሳያቸዋል። ገዢው «በዚያ ቀን መኪናው በእኔ እጅ ነበር» ብሎ ከፈረመልሽማ ከሁሉም ይበልጣል። የእኔው ነጋዴ መጀመሪያ ስልክ አላነሳም፤ ቅጣቱ ካልተነሳ ስም ማዛወሩና ቦሎው ላይ እንደሚያስቸግረው በቴክስት ስጽፍለት ራሱ ደወለ።

አንዳንድ ሰው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1186ን ጥቀሺ ይልሻል። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ባለቤትነት ገዢው ዕቃውን በእጁ ሲያደርግ ይተላለፋል የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ግን ያው ድንጋጌ ልዩ ሕግ የወጣላቸውን ዕቃዎች ለየት አድርጎ ይተዋቸዋል፣ መኪና ደግሞ የራሱ የምዝገባ አዋጅ አለው። በባለቤትነት ከተከራከርሽ «ሊብሬው በስምሽ ነው» ብለው ይዘጉብሻል። በማን እጅ ነበር፣ ማን ነዳ የሚለው ላይ ከቆምሽ ግን ሊብሬው መልስ አይሆናቸውም።

ስታስገቢ ዋናውን አሳይተሽ ኮፒውን ስጪ፤ ዋናውን ትተሽ እንዳትወጪ። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂና የአንቺው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። በቃል «እናየዋለን» ተብለሽ ከወጣሽ የአቤቱታ ጊዜው ሲያልፍ የምታሳዪው ነገር አይኖርሽም። ጊዜው ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ መቼ እንደደረሰሽ የሚያሳየውን ፖስታ ወይም መልእክት አትጣዪ። ውሳኔ ሳይሰጥ ቸኩለሽ አትክፈዪ፣ በስምሽ የተቆረጠ ደረሰኝ ጥፋቱን ያመንሽ ያስመስላል።

ስም ማዛወሩን አቤቱታው እስኪያልቅ አታቆዪው፣ ጎን ለጎን አስኪጂው። ቅጣት እንኳ በደብዳቤ ይነሳል፤ መኪናው ሰው ከገጨ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ለጉዳቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመኪናውን ባለቤት ነው። ያኔ ከተጎጂ ቤተሰብ ጋር ነው የምትከራከሪው። ገዢውን ቀን ቆርጠሽ አብራችሁ ሂዱ፣ እምቢ ካለም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጪውና ቅጂውን ከውሉ ጋር አስቀምጪ።