የእጁን ያግኝ ወይስ ለሌላው መቀጣጫ ይሁን? ስለ ሞት ቅጣት ከአዳማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

የህግ ተማሪ፦ ጋሼ፣ እኛ ሀገር የሞት ቅጣት አለ ወይስ የለም? ሲፈረድ እሰማለሁ፣ ሲፈጸም ግን ሰምቼ አላውቅም።

ህጉ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያን በዕድሜ ልክ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል። ግን ፍርዱ ስለተሰጠ ብቻ አይፈጸምም። በአንቀጽ 117 መሠረት ርዕሰ ብሔሩ ማጽደቅ አለበት። እሱ ደግሞ ከስንት አንዴ ነው የሚሆነው። በይፋ ከሚታወቁት የመጨረሻው በ1999 ዓ.ም. የተፈጸመው ነው። የተቀጣው የደህንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረመድህንን በ1993 የገደለው ሻለቃ ነበር። ከዚያ በፊት በ1990 የጄኔራል ሐየሎም አርአያ ገዳይ ተቀጥቷል። ሁለቱም ሟቾች እነማን እንደነበሩ ልብ በል። የተራውን ሰው ገዳይ በተመለከተ ፍርዱ ወረቀት ላይ ሲከርም ነው የማውቀው።

እህት፣ ከቦኩ ሸነን፦ ወንድሜን ገድለውብኛል። ገዳዩ 14 ዓመት ተፈረደበት። እናንተ ስለ አንቀጽ ታወራላችሁ። የገደለ ይሙት፣ አለቀ።

ነፍስ ይማር እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ፍርዱን ሳላይ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። 14 ዓመት ከሆነ ግን ክሱ በአንቀጽ 540 የታየ ይመስለኛል። እሱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው የሚያስቀጣው። ሞት የሚመጣው 539 ላይ ነው፤ አስቦና ተዘጋጅቶ፣ ወይም በልዩ ጭካኔ የተፈጸመ ግድያ ሲሆን። ድንገት በተነሳ ጠብ የሆነ ግድያ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ በአንቺ ጉዳይ ዳኞቹ ሞትን ሊያስቡት የሚችሉ አይመስለኝም።

ስሜትሽን ግን አላጣጥለውም። ብዙ የተማሩ ሰዎች «በቀል ኋላ ቀርነት ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ አልልም። አንቺ የምትጠይቂው ሌላ ሰው እንዲፈራ አይደለም። የወንድምሽ ነፍስ 14 ዓመት ብቻ አትመዝንም ነው የምትይው። እዚሁ አካባቢያችን የጉማ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ የሚነሱት ከዚሁ ነው፤ ደም ፈሷል፣ ዕዳ አለ፣ ዝም ተብሎ አይታለፍም። እነሱ ዕዳውን በካሳና በእርቅ ይዘጉታል። አንቺ በሞት ይዘጋ ትያለሽ። መነሻው አንድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ። ይህ አቋም የሚሠራው የሚሞተው ሰው ራሱ የገደለው ሰው ሲሆን ነው። ሌላ ሰው ቢሞት ዕዳው አልተከፈለም። እንዲያውም ሌላ ዕዳ ተጨመረ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ነጋዴ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፦ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው። ሞት ካለ ሰው ይፈራል። አሜሪካ ውስጥ በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ አንድ ነፍሰ ገዳይ ሲገደል ስምንት ሰው ይተርፋል። ቁጥር አይዋሽም።

ቁጥሩን ከኪስህ አላመጣኸውም፣ አለ። አይዛክ ኧርሊክ የሚባል የኢኮኖሚ ባለሙያ በፈረንጆቹ 1975 ያወጣው ነው። ከ1933 እስከ 1969 ያለውን የአሜሪካ መረጃ ወስዶ አንድ የሞት ቅጣት ሲፈጸም ወደ ስምንት የሚጠጋ ግድያ ይቀራል አለ። ትልቅ ወሬ ሆነ።

ከዚያ ሌሎች ያንኑ መረጃ አንስተው ከ1962 ወዲህ ያሉትን ጥቂት ዓመታት ብቻ ቀነሱ። ውጤቱ ጠፋ! ምክንያቱ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ የሞት ቅጣት መፈጸም ልታቆም ተቃርባ ነበር። በዚያው ጊዜ ወንጀል በሞላው ጨመረ፤ በሞት የማያስቀጣው ዘረፋና ስርቆት ጭምር። ሁለቱ አብረው ስለሄዱ አንዱ ሌላውን ያመጣው መሰለ።

በፈረንጆቹ 2012 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያቋቋመው ቡድን የተከማቹትን ጥናቶች ሁሉ መረመረ። የደረሰበት ነገር አንተንም ተቃዋሚህንም አያስደስትም። ጥናቶቹ የሞት ቅጣት ግድያን ይቀንስ፣ ይጨምር ወይም ምንም አያድርግ አይነግሩንም፣ ለፖሊሲ አትጠቀሙባቸው ነው ያለው። አንደኛው ችግር ንጽጽሩ ነው። መጠየቅ ያለበት «ሞት ከዕድሜ ልክ እስራት የበለጠ ያስፈራል ወይ?» ተብሎ ነው እንጂ ሞት ከምንም የበለጠ ማስፈራቱንማ ማን ይክዳል። ሌላው ደግሞ ገዳዩ በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንደሚያሰላ ማንም አልለካም። እኔ ዐቃቤ ህግ ሆኜ ካየኋቸው የግድያ መዝገቦች ብዙዎቹ የአረቄ ቤት ጠብ፣ የድንበር ጠብ፣ የቅናት ጠብ ናቸው። ቢላ የመዘዘ ሰው አንቀጽ አያገላብጥም። አቅዶ የሚገድለው ደግሞ አልያዝም ብሎ ነው የሚያቅደው።

ካናዳ በፈረንጆቹ 1976 የሞት ቅጣትን ለግድያ ወንጀል ስታስቀር ብዙዎች ደም ይጎርፋል ብለው ነበር። በተከታዮቹ ዓመታት የግድያው መጠን ወረደ እንጂ አልወጣም። ይህ ብቻውን ማስረጃ ነው አልልህም። አንተንም ግን አያግዝህም።

የባጃጅ ሹፌር፦ እሺ ተሳስቶ ቢፈረድስ? ይግባኝ አለ፣ ሰበር አለ፣ አሁን ደግሞ ዲኤንኤ መጥቷል። ንጹህ ሰው እንዴት እስከመጨረሻው ይደርሳል?

ዲኤንኤ የሚጠቅመው ደም ወይም ፀጉር የተገኘበት ጉዳይ ላይ ነው። «ማን አደረገው?» ለሚለው ይመልሳል። «ወንጀል ተፈጽሟል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዝም ነው። አንድ ጉዳይ ልንገርህ።

ቴክሳስ ውስጥ ኮርሲካና የምትባል ከተማ አለች። በታኅሣሥ 1991 እንደ ፈረንጆቹ፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ቤት ተቃጠለ። የሁለት ዓመት ልጅና የአንድ ዓመት መንትዮች ሞቱ። አባትየው ካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም አምልጦ ወጣ። መርማሪዎች ገብተው ወለሉን አዩ፤ ፈሳሽ ኩሬ ሠርቶበት የነበረ የሚመስል ጥቁር ምልክት አለበት። መስኮቱን አዩ፤ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። በዚያን ጊዜ የነበረው የሙያው እውቀት እንዲህ ይል ነበር፤ ወለል ላይ እንዲህ ያለ ቅርጽ ካለ ነዳጅ ተደፍቷል፣ መስታወት እንዲህ ከተሰነጠቀ እሳቱ በነዳጅ በፍጥነት ግሏል። አንድ እስረኛም «ልጆቹን እንዳቃጠለ ነግሮኛል» ብሎ መሰከረ። ሰውየው ጥፋተኛነቱን ካመነ በዕድሜ ልክ እንደሚታለፍ ተነገረው። አላምንም አለ። ሞት ተፈረደበት።

አሁን ወደ ወለሉ እንመለስ። ከዚያ እሳት በፊት በፍሎሪዳ መርማሪዎች ለሌላ ክስ ሲሉ ተመሳሳይ ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ እሳት ለኩሰው አይተው ነበር። ነዳጅ የሚባል የለም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ በሙሉ በአንዴ ነደደ። ከጣሪያው ሥር የተጠራቀመው ትኩስ ጭስ ሙቀቱን ቁልቁል ስለሚለቀው ወለሉም ይያያዛል። እሳቱ ሲጠፋ ወለሉ ላይ የቀረው ምልክት ነዳጅ የተደፋ ይመስል ነበር። መስታወቱም ቢሆን እንዲያ የሚሰነጠቀው በግለት ፍጥነት አይደለም። የጋለ መስታወት ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃ ሲረጩበት ነው።

ይህ እውቀት ወደ ፍርድ ቤቶች የደረሰው እያዘገመ ነው። ጄራልድ ኸርስት የተባለ የእሳት ሳይንስ ባለሙያ መዝገቡን አይቶ ማስረጃው አይቆምም ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ቅጣቱ ሊፈጸም ቀናት ሲቀሩ ለገዥው ቢሮ ደረሰ። ማንም አላስቆመውም። የካቲት 2004፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ ዊሊንግሃም ተገደለ። ይግባኝ ነበረው፣ ጠበቃ ነበረው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ጠብቋል። ያ እስረኛ ምስክርም ኋላ ላይ ቃሉን አጠፈ።

ያው የባጃጅ ሹፌር፦ ታዲያ ንጹህ መሆኑ ተረጋገጠ?

አልተረጋገጠም። በፈረንጆቹ 2011 የቴክሳስ የፎረንሲክ ሳይንስ ኮሚሽን ምርመራው የቆመበት ሳይንስ ጉድለት እንዳለበት ጽፏል። ንጹህ ነው ያለ ፍርድ ቤት ግን የለም። ከሞተ በኋላ ማን ይከራከርለታል? ሕያው ቢሆን ኖሮ አዲስ ችሎት ይቀርብ ነበር፤ ምስክሩ እንደገና ይጠየቅ ነበር። ስህተቱ የማይታረመው ሰውየው ስለማይመለስ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ራሱ ሳይመለስ ይዘጋል።

እዚህም ከተማ ስህተት ሩቅ አይደለም፤ ዓይነቱ ይለያል እንጂ። ከሥራ ለቅቄ ጥብቅና ከጀመርኩ በኋላ በያዝኩት አንድ የግድያ ክስ ምስክሩ «በመንገድ መብራት ፊቱን አየሁት» ብሎ ነበር። ያን ሌሊት ሰፈሩ መብራት እንዳልነበረው ያወቅነው በጎረቤቶች ነው፤ በሰርግ ድንኳን ጄኔሬተር ሲያስጮሁ ስላደሩ ያስታውሱታል። ሰርግ ባይኖር ማን ቀኑን ያስታውስ ነበር?

መምህር፣ ከፍራንኮ፦ በአደባባይ፣ በካሜራ ፊት የገደለስ? ወይ በፊርማው ያስገደለ ባለሥልጣን? ጥርጣሬ የሌለበት ጉዳይ አለ እኮ።

አለ፣ እቀበላለሁ። ስለ ስህተት የተናገርኩት ሁሉ እዚያ አይደርስም። የሞት ቅጣትን እዚያም የሚቃወም ሰው ሌላ ምክንያት ማምጣት አለበት።

ችግሬ መስመሩን የሚያሰምረው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። የኮርሲካና ዳኞችና መርማሪዎችም ጥርጣሬ አልነበራቸውም። ማስረጃው ደካማ ሲሆን ራሱን ደካማ ነኝ ብሎ አያስተዋውቅም። በተረፈ የአንተና የዚያች እህታችን ሐሳብ ከነጋዴው ሐሳብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለመቀጣጫነት ከሆነ ሕዝቡ ሰውየው ገድሏል ብሎ እስካመነ ድረስ ንጹህ ሰው ቢሰቀልም ፍርሃቱ ይሠራል። ይህ ሐሳብ ራሱ ያስፈራኛል። የእጁን ያግኝ የሚለው ሰው ግን ስህተትን ሊታገስ አይችልም። ስለዚህ በስህተት ጉዳይ ከሁሉ በላይ መጨነቅ ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ።

እህት፣ ከቦኩ ሸነን፦ እሺ ሞት ይቅር። ዕድሜ ልክ የተባለውም በአመክሮ ይወጣ የለም እንዴ? እንግዲህ ምን ቀረ?

እውነትሽን ነው፣ ይወጣል። በህጋችን ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ለመፈታት መጠየቅ ይችላል። የደርግ ባለሥልጣናትን አስታውሺ። በ2003 ዓ.ም. የ23ቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ። ከ1983 ጀምሮ ታስረው ስለነበር በጥቂት ወራት ውስጥ ከመካከላቸው የተፈቱ አሉ። ልጃቸውን በቀይ ሽብር ያጡ እናቶች ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። እኔ የሞት ቅጣት ቢቀር እመርጣለሁ። ነገር ግን ይቅር የምንል ሰዎች ብዙ ጊዜ ለዚህ ጥያቄሽ መልስ ሳናዘጋጅ ነው የምንከራከረው። ለከባዱ ግድያ አመክሮው ከ20 ዓመት በላይ ይዘግይ የሚሉ አሉ፤ ጭራሽ ይከልከል የሚሉም አሉ። የመጀመሪያው ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ ስንት ዓመት ይሁን ብትይኝ ግን አልወሰንኩም።