«የገንዘብ ፖሊሲ» የገንዘብ ሚኒስቴር አይደለም

ጥያቄ፦ «በዜና ‹የገንዘብ ፖሊሲ› ሲባል የገንዘብ ሚኒስቴር ፖሊሲ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ ግን የብሔራዊ ባንክ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ታዲያ ‹ፊስካል ፖሊሲ› የሚሉት የማን ነው? አማርኛስ የለውም?»

መልስ፦ ወንድምዎ ልክ ነው። የገንዘብ ፖሊሲ የብሔራዊ ባንክ ነው፤ የገንዘብ ሚኒስቴር የሚመራው ፊስካል የተባለውን ነው። እርስዎም ቢሆኑ የተሳሳቱት ቋንቋው ራሱ ስላሳሳተዎ ነው። አንድ ቃል ሁለት መሥሪያ ቤት ውስጥ ገብቶ፣ በሁለቱም የተለያየ ነገር ይናገራል።

«ገንዘብ» ከግዕዝ ሲመጣ ብር ማለት አልነበረም። የራስ የሆነ ነገር፣ ሀብት፣ ንብረት ማለት ነበር። ዛሬም «ትዕግሥትን ገንዘቧ ያደረገች» ስንል ስለ ብር እያወራን አይደለም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ በጅሮንድ ሙሉጌታ የተሰጣቸው ሹመት ገንዘብን ከጓዳ ጋር አጣምሮ የያዘ ነበር። እዚያ ላይ «ገንዘብ» የመንግሥቱ ሀብት ነው፦ የገባው፣ የተቀመጠው፣ የሚወጣው። የገንዘብ ሚኒስቴር ስም ይህን አሮጌ ትርጉም ይዞ ቀርቷል። «የገንዘብ ፖሊሲ» ስንል ግን ያሰብነው በአገር ውስጥ የሚዘዋወረውን ብር፣ መጠኑንና የብድሩን ዋጋ ነው። የመጀመሪያው «ገንዘብ» ባለቤት አለው፤ ሁለተኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነው።

ላቲኖቹ ለሁለቱ ሁለት ቃል ነበራቸው። «ፊስካል» የወጣው ፊስኩስ ከሚባለው ቃል ሲሆን፣ እሱም ገንዘብ የሚቀመጥበት ቅርጫት ነው፤ የእኛን ሙዳይ ያስቡ። ኋላ የሮም ንጉሠ ነገሥት ግምጃ ቤት በዚህ ስም ተጠራ። የገንዘብ ፖሊሲ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት «ሞኒተሪ» ደግሞ ሳንቲም ይመታበት ከነበረው የሞኔታ ቤተ መቅደስ የመጣ ነው። አንደኛው ሙዳዩን ያያል፣ ሌላው የሳንቲሙን መምቻ። የእኛ «ግምጃ ቤት»ም መነሻው የከበረ ጨርቅ ማኖሪያ ስለሆነ ከፊስኩስ ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ «የግምጃ ቤት ፖሊሲ» ብንል ደስ ባለኝ። ነገር ግን ዛሬ ግምጃ ቤት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ክፍል ነው። «የበጀት ፖሊሲ» የሚሉም አሉ፤ ይህ ግብሩንና ዕዳውን ስለሚያስረሳ አልመርጠውም። እኔ በመጀመሪያው መጠሪያ ላይ «የመንግሥት ገቢና ወጪ ፖሊሲ (ፊስካል)» ብዬ፣ ከዚያ በኋላ «ፊስካል» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አንድን ዜና ሲሰሙ የየትኛው እንደሆነ የሚለዩት በግሱና በአጽዳቂው ነው። ግብር ጣለ፣ በጀት መደበ፣ ድጎማ ሰጠ፣ ደመወዝ ጨመረ ከተባለ ፊስካል ነው፤ በጀቱና የግብር ሕጉ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሳያጸድቃቸው አይጸኑም። ብድር አጠበቀ፣ ወለድ ከፍ አደረገ፣ የብድር ጣራ አኖረ ከተባለ የገንዘብ ፖሊሲ ነው፤ ይህን ብሔራዊ ባንክ ራሱ ወስኖ ለባንኮች ያስተላልፋል እንጂ እያንዳንዱ ውሳኔ ለምክር ቤት ድምፅ አይቀርብም። ዓላማቸውም አንድ አይደለም። ሚኒስቴሩ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ደመወዝ የሚጠይቀው ባለጉዳይ አለበት፤ ባንኩ በዋናነት የሚጠየቀው ስለ ዋጋ መረጋጋት ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የወጣውን የብሔራዊ ባንክ ውሳኔ እንውሰድ። ባንኩ የዋጋ ንረትን ለማብረድ፣ የንግድ ባንኮች የብድር ክምችት በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣራ አደረገ፤ ዓመቱን በ100 ብር ብድር የጀመረ ባንክ ከ114 ብር ማለፍ አይችልም ማለት ነው። ይህ ንጹሕ የገንዘብ ፖሊሲ ነው። በዚያው መግለጫ ግን ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድር በቀደመው ዓመት ከተሰጠው አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወሳኙ ባንኩ ነው፤ የሚጎድለው ግን የሚኒስቴሩ ሙዳይ ነው።

ለምን እንዲህ እንደተደረገ በትንሽ ቁጥር ላሳይዎ። መንግሥት 80 ብር ሰብስቦ 100 ብር ለማውጣት አቀደ እንበል። የጎደለውን 20 ብር የግምጃ ቤት ሰነድ ሸጦ ከጡረታ ፈንድ ቢበደር፣ ፈንዱ ዘንድ የነበረ 20 ብር ወደ መንግሥት ተዛወረ እንጂ በአገሩ ያለው ብር አልጨመረም። 20 ብሩን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ቢወስድ ግን ከማንም ኪስ የወጣ ነገር የለም። ባንኩ በመንግሥት ሒሳብ ላይ 20 ብር ይመዘግባል፤ መንግሥት ለመምህሩና ለሥራ ተቋራጩ ሲከፍል ቀድሞ ያልነበረ ብር ገበያ ይገባል። ጤፉና ዘይቱ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ሰው «መንግሥት ብር አተመ» የሚለው ይህን ነው። አባባሉ ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል፤ ለጥንቃቄ ያህል ግን ከማተሚያ ማሽን የወጣ ኖት ላይኖር ይችላል፣ የሆነው የሒሳብ ምዝገባ ነው። ጉድለቱ ራሱ ፊስካል ነበር፤ በዚህ መንገድ ሲሞላ የገንዘብ ፖሊሲ ጣጣ ይሆናል።

ሁለቱ በአንድ ሰሞን በተለያየ አቅጣጫ ሲሄዱም አይተናል። በ2017 ዓ.ም. 971.2 ቢሊዮን ብር የነበረው የፌዴራል በጀት ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ኅዳር ላይ ጸደቀ፤ ደመወዝና ድጎማ ይጠብቁ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ያስተዋወቀውን 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም ለባንኮች የብድር ዋጋ መነሻ እንዲሆን የሚያስቀምጠውን ወለድ፣ ታኅሣሥ ላይ ባለበት አጸና። አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ልጓም ይዞ ነበር። እዚህ ላይ «መንግሥት ገንዘብ ነክ ፖሊሲውን ለወጠ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ምንም አላስጨበጠም፤ የትኛው እጅ?

በቅርቡ ለእርማት የመጣልኝ አንድ ጽሑፍ እንዲህ ይል ነበር፦ «መንግሥት የገንዘብ ፖሊሲውን በማላላት የሠራተኞችን ደመወዝ ጨመረ።» ሰዋስዉ አይነቀፍም፤ ነገሩ ግን ተሳክሯል። ደመወዝ በበጀት እንጂ በወለድ አይጨመርም። ያረምኩት እንዲህ ነው፦ «መንግሥት ወጪውን ከፍ በማድረግ የሠራተኞችን ደመወዝ ጨመረ፤ ብሔራዊ ባንክ ግን የገንዘብ ፖሊሲውን አላላላም።»