ሄሞላይዝ ባደረገ ሳምፕል ላይ የሚወጣ «ኖርማል» ፖታሲየም

«ከድንገተኛ የመጣ ሳምፕል ላይ ማሽኑ H 3+ አወጣ። ፖታሲየሙ ግን 4.2 ነው፣ ኖርማል። ሐኪሙ ቶሎ ላኩልኝ እያለ ነው። ልልቀቀው ወይስ ሪጀክት ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እንዳትለቀው። እኔ አንዴ ለቅቄ የሆነውን ልንገርህ።

1. ኖርማል መሆኑ አያጽናናህ። 6.9 ሲወጣ ሁላችንም እንደነግጣለን፣ 4.2 ሲወጣ ግን እፎይ እንላለን። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ፖታሲየም ፕላዝማው ውስጥ ካለው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ሴሉ ሲፈነዳ ያ ሁሉ ወደ ሴረሙ ይፈስሳል። ስለዚህ 4.2 ያየኸው ከተጨመረበት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስንት እንደነበረ አታውቅም።

እኔ ዘንድ የመጣችው ሦስት ቀን ትውከትና ተቅማጥ ያጣደፋት እናት ነበረች። ሌሊት ነው፣ ተረኛው እኔ ብቻ ነኝ። ከሴንትሪፊውጅ ሳወጣው ሴረሙ ልክ እንደ ካርካዴ ቀልቷል። ፖታሲየሙ 3.9 ወጣ። «ከፍ ቢል ኖሮ እጠራጠር ነበር» ብዬ ያለምንም ኮሜንት ለቀቅኩት። ዋርዱም ውጤቱን አምኖ ፖታሲየም አልሰጣትም። ጠዋት እግሯን ማንሳት አቃታት። እንደገና ተቀድቶ ሲመጣ ሴረሙ ጥርት ያለ ነበር፣ ፖታሲየሙ 2.6። ሐኪሙ ላብ ድረስ መጥቶ በሰው ፊት «እናንተ ቁጥር ማተም ብቻ ነው የምታውቁት» አለኝ። ስለ ውጤቱ ልክ ነበር። ግን ያን ደም እንዲያ አድርጎ የላከው የራሱ ዋርድ መሆኑን ማንም አላነሳም። እናትየዋ በድሪፕ ፖታሲየም ተሰጥቷት ከቀናት በኋላ በእግሯ ሄደች። ይህን ያጣራሁት ራሴ ነኝ፣ አልጋዋ ድረስ እየሄድኩ።

2. አወሳሰዱን ሄደህ እይ። እኔ በማግስቱ ሄጄ ቆሜ አየሁ። ደሙን ከካኑላ በ10 ሚሊ ሲሪንጅ በኃይል ይስቡታል። ከዚያ መርፌውን የቲዩቡ ክዳን ላይ ወግተው በአውራ ጣት ይገፉታል። በመጨረሻ ቲዩቡን እንደ ሽሮፕ ይንጡታል። ሴሉ የሚፈነዳው እዚያ ነው። መርፌውን አውልቀው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ደሙን በቲዩቡ ግድግዳ ቀስ አድርገው እንዲያፈሱት፣ ክዳኑንም ዘግተው በቀስታ እንዲገለብጡት አሳየኋቸው። የመጀመሪያዋ ነርስ ተቆጣችኝ። ሁለተኛዋ ግን ዛሬ ለአዲሶቹ የምታስተምረው እሷ ናት።

3. ዓይንህን ብቻ አትመን። ያኔ ማሽናችን ኢንዴክስ አልነበረውም። ያንተ ግን H 3+ ብሎ ነግሮሃል፣ ተጠቀምበት። ትንሽ ሴረም ወስዶ በሳላይን ያቀጥንና በተለያየ የብርሃን ሞገድ ያነበዋል፦ ለሄሞግሎቢኑ H፣ ለቢሊሩቢኑ I፣ ለስቡ ድፍርስነት L ያወጣል። ዓይን የሚሸወደው በተለይ ቢጫ የሆነ ጨቅላ ሕፃን ላይ ነው፣ ቢጫው ቅላቱን ይሸፍነዋል። ደሙን ሳያዞር የሚለካ የጋዝ ማሽን ካላችሁ ደግሞ ሄሞሊሲሱ ጭራሽ አይታይም።

ስለ ሌሎቹ ሁለቱ ባጭሩ። ወተት የመሰለ ሴረም ላይ፣ ሳምፕሉን አቅጥኖ በሚለካ ማሽን ሶዲየም በሐሰት ዝቅ ብሎ ይወጣል። ሳያቀጥን የሚለካ ኤሌክትሮድ ካገኘህ በእሱ ድገመው። በጣም ቢጫ የሆነ ሴረም ደግሞ በጃፌ ዘዴ ክሬያቲኒንን ዝቅ ያደርጋል። ይህኛው እንደገና በመቅዳት አይስተካከልም፣ ቢጫው የበሽተኛው ነው። ኮሜንት ጻፍበት፣ ወይም ቢሊሩቢን ብዙም በማይነካው ዘዴ ወደሚሠራ ላብ ላከው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በጥሩ አወሳሰድ ሁለት ጊዜ ተቀድቶም ሴረሙ ቀይ ከሆነ ሪጀክት እያደረግክ አትቀመጥ። ወባ ይዞት ሽንቱ የጠቆረ፣ ወይም ደም ከተሰጠው በኋላ የተንቀጠቀጠ በሽተኛ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሴሉ የፈነዳው እዚያው ሰውየው ደም ሥር ውስጥ ነው። ፖታሲየሙም እውነተኛ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለሐኪሙ ደውል።

ከ4.2 ላይ ገምተህ ልትቀንስም አትሞክር፣ ስንት እንደተጨመረ በትክክል አይታወቅም። ኮሜንት ጽፈህ ቁጥሩን ብትለቀው ደግሞ የሚነበበው ቁጥሩ ነው። እኔ አሁን ቁጥሩን ጭራሽ አላወጣም። በፖታሲየሙ ቦታ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ሳምፕሉ በከፍተኛ ደረጃ ሄሞላይዝ አድርጓል። ፖታሲየም ሪፖርት አልተደረገም። በአዲስ ሳምፕል ይደገም።» ኤኤስቲና ኤልዲኤችንም እንዲሁ፣ ሄሞሊሲስ ያልነካቸውን ግን እለቃለሁ። ከዚያ ስልክ አነሳለሁ። የተቀበለኝን ሰው ስምና ሰዓቱን መዝገቡ ላይ አሰፍራለሁ። ያንተም ሐኪም ቸኩሏል፣ ስለዚህ ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ደውልለትና ከሌላኛው ክንድ፣ ድሪፕ ከሌለበት፣ አዲስ ይቅዱልህ።