በመጻፍ 7፣ በመናገር 6፦ ለአይኤልቲኤስ ለሚዘጋጁ ወገኖች

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ እንግሊዝ ለመሻገር የሚዘጋጁ ነርሶቻችን የሚያሳዩኝ የአይኤልቲኤስ ውጤት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። በቅርቡ ያየሁት የአንዲት እህታችን ውጤት በማንበብ 8፣ በማዳመጥ 7.5፣ በመጻፍ 7፣ በመናገር ግን 6 ይላል። አማካዩ ወደ 7 ስለሚጠጋ አጠቃላይ ውጤቷ 7 ሆኗል፤ ይሁንና የእንግሊዝ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት በመጻፍ 6.5 ቢበቃውም በቀሩት በሦስቱ በእያንዳንዳቸው 7 ስለሚጠይቅ፣ አጠቃላዩ 7 ምንም አልፈየደላትም። እሷም የሰዋስው መጽሐፍ ገዝታ ከሀ ልትጀምር ተነሣች። እኔ አልተስማማሁም፤ በመጻፍ 7 ያመጣ ሰው ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ አንድ የፈተና ጥያቄ ይምረጡና በስልክዎ እየቀዱ ሁለት ደቂቃ ይናገሩበት። ከዚያም ለዚያው ጥያቄ ዐሥር ደቂቃ ወስደው መልሱን በጽሑፍ ያስፍሩ። በመጨረሻም ቅጂውን እየሰሙ፣ መንተባተቡና ዝምታው ሳይቀር፣ ቃል በቃል ወደ ወረቀት ይገልብጡትና ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ጽሑፉም እንደ ንግግሩ የተሳሳተ ከሆነ በእርግጥ የቋንቋ ጥናት ያስፈልግዎታል፤ ከዚህ በታች የምለውም ብዙ አይረዳዎትም። ጽሑፉ የተስተካከለ፣ ንግግሩ የተቆራረጠ ከሆነ ግን እውቀቱ አለ፤ በጊዜው የሚደርስ አልሆነም ማለት ነው። የእህታችን ቅጂ «ሺ ቲች ሚ፣ ሶሪ፣ ሺ ቶት ሚ፣ ሺ ሃዝ ቶት ሚ» ይላል። በጽሑፏ ላይ ግን ያንኑ ግሥ በመጀመሪያው ሙከራ በትክክል ነው የጻፈችው።

ይህ የመጣው ከትምህርት ቤታችን ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የእኛ ድርሻ በአመዛኙ ከሰሌዳ ላይ ኖት መገልበጥና የምርጫ ጥያቄ መመለስ ነበር፤ ስንናገር ደግሞ የሚስቅብን አይጠፋም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን በልባችን ጨርሰንና አርመን ካልሆነ በቀር አፋችንን አንከፍትም። በመጻፍ ጊዜ ይህ ልማድ ሀብት ነው፤ በመናገር ፈተና ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ፈተናው በሙሉ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ ከአራቱ እኩል ክብደት ካላቸው መመዘኛዎች አንዱ የንግግሩን ፍሰትና ትስስር የሚመለከት ነው። ንግግሩን በድግግሞሽ፣ ራስን በማረምና በዝግታ እየደገፈ የሚያስኬድ ሰው በዚህ መመዘኛ የ5 መግለጫ ውስጥ ይወድቃል፤ 7 የሚያገኘው ደግሞ ያለ ጎላ ያለ ጥረት ረዘም አድርጎ የሚናገር ነው። ለ7 ፈጽሞ አለመሳሳት እንደማይጠየቅ ልብ ይበሉ።

የገለበጡትን ወረቀት እንደገና ይውሰዱና ዝም ያሉባቸውን ቦታዎች በቀይ ያክብቡ። አንድ ሐሳብ አልቆ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ያለው ዝምታ ማንም ሰው የሚያደርገው ስለሆነ ይለፉት። የሚጎዳው በባለቤትና በግሥ መካከል ወይም በአንድ ሐረግ ወገብ ላይ የሚወድቀው ዝምታ ነው፤ ፈታኙ ቃል ፍለጋ ላይ መሆንዎን የሚያውቀው በዚህ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሐሳቡን ጠቅልሎ መያዝ ለምደናል፤ እንግሊዝኛ ግን ግሡን ገና ከመነሻው ይጠይቃል። እንግዲህ መፍትሔው አጭር ባለቤትና ግሥ ይዞ መጀመርና ዝርዝሩን ከኋላ እየቀጠሉ መሄድ ነው።

ከመናገር ፈተናው ሦስት ክፍሎች ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚገባው ሁለተኛው ክፍል ነው። ፈታኙ አንድ ካርድ፣ ወረቀትና እርሳስ ይሰጥዎታል፤ አንድ ደቂቃ ይዘጋጁና ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻዎን ይናገራሉ። መጻፍ የሚወዱ ሰዎች የሚከስሩት እዚህ ላይ ነው፤ ደቂቃዋን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲጽፉባት ሁለተኛው መስመር ላይ ሳሉ ታልቃለች። እህታችን «አንድ ሙያ ያስተማረዎትን ሰው ይግለጹ» ለሚለው ካርድ በመጀመሪያው ልምምዷ እንዲሁ አደረገች፤ የጻፈችውን አንብባ ስትጨርስ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ዝም አለች። በሚቀጥለው ልምምድ አምስት ነገር ብቻ እንድትጽፍ ተስማማን፦ ዋና ነርስ፣ ሕፃን፣ ሁለት ጊዜ ሳትኩ፣ የእጅ ባትሪ፣ ዛሬ። በእርግጥ የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ከተጻፈ እየተናገሩ መተርጎም ይመጣልና። ከዚያም በሥራ ጀማሪነቷ የአንድ ሕፃን ደም ሥር ሁለት ጊዜ እንደሳተች፣ ዋና ነርሷ የእጅ ባትሪ ከሕፃኑ መዳፍ ሥር አብርታ ደም ሥሩን እንዳሳየቻት፣ ዛሬ እሷም ለጀማሪዎች ይህንኑ እንደምታሳይ ስትተርክ ፈታኝ ሆኜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ ሰዓቱ ሞልቶ ያስቆምኳት። የሆነ ነገር ሲተረክ ቅደም ተከተሉን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ ቀጥሎ ምን ልበል የሚለው ጭንቀት ይቀራል። «ሙያዋ የተመሰገነ፣ ትጉህና ታጋሽ ናት» እያሉ መግለጽ ግን በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። በካርዱ ላይ ያሉት ነጥቦችም መርጃዎች ናቸው፤ በአንዱ ላይ ብዙ ቢቆዩ አያስቀጣም።

ፍጥነቱን ለማምጣት የቋንቋ መምህራን የሚጠቀሙበት አንድ ልምምድ አለ። ያንኑ ታሪክ በመጀመሪያ በአራት ደቂቃ፣ ወዲያው በሦስት፣ ከዚያም በሁለት ደቂቃ ይንገሩት፤ ቢቻል በየጊዜው ለተለያየ አድማጭ፣ ካልሆነም ለስልክዎ። ሐሳቡ አስቀድሞ ስለተገኘ አእምሮ በሦስተኛው ዙር ላይ ቃላቱን ማፍጠን ብቻ ይቀረዋል። በዚህ ልምምድ ጊዜ ስሕተት ቢሰሙም ተመልሰው አያርሙ፤ እርማቱ ከቅጂው ላይ በኋላ ይደረጋል። ነገር ግን ቃላቱን በቃል ወደ ማጥናት እንዳይሸጋገሩ ይጠንቀቁ፤ ፈታኞች የተሸመደደ መልስ እንዲለዩ የሠለጠኑ ናቸው፤ ድምፁ ወዲያው ያስታውቃል።

በሦስተኛው ክፍል ጥያቄዎቹ ስለ ኅብረተሰብና ስለ ለውጥ ስለሚሆኑ ጥቂት ማሰብ ይፈቀዳል፤ ሐሳብ ለመፈለግ የሚደረግ ዝምታ ቃል ለመፈለግ ከሚደረገው ያነሰ ይጎዳል። ጥያቄውን በራስዎ ቃላት መልሰው እየተናገሩ አቋምዎን ያስቀድሙ፣ ምክንያቱንና አንድ ምሳሌ ያስከትሉ። ፈታኙ መሐል ላይ ቢያቋርጥዎ አይከፋዎት። በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እዚያ ግን ጊዜ ለመጠበቅ ብቻ ነው። አጭር መልስ ጨዋነት አይሆንም፤ ሰዋስውዎንና ቃላትዎን የሚለካበት ነገር ያሳጣዋል። ስለ አነጋገር ቅላጼያችን ብዙ አልጨነቅም፤ የሚመዘነው መደመጥና መረዳት መቻሉ ነው።

እንደገና ለመፈተን ሲወስኑ አራቱንም ክህሎት መድገም ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። በኮምፒውተር ለተፈተኑ ሰዎች በብዙ አገሮች አንዱን ክህሎት ብቻ፣ ከመጀመሪያው ፈተና ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ፣ መድገም ይቻላል። ሁሉም ተቀባይ አካል ግን አይቀበለውም፤ ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ውጤቱን የሚልኩለትን ድርጅት በጽሑፍ ይጠይቁ። ልምምዱንም 60 ቀኑ ከማለቁ ጋር ከማሽቀዳደም፣ በቅጂዎ ላይ ቀዩ ክብ በሐረግ ወገብ ላይ ማረፉን እስኪያቆም ድረስ ቀጠሮውን ማዘግየት ይሻላል።